ሦስት ሴት፣ አንድ ቆጣሪ

ዛሬ ስለ ማዳም አይደለም የምጽፍላችሁ፣ ስለ መብራት ነው። ማዳም ቤት የምታድሩ ልጆች የመብራት ነገር ላያሳስባችሁ ይችላል፣ ፋቱራው ለእነሱ ነው የሚመጣው። ቤት ተከራይተን በሰዓት የምንሠራ ሰዎች ግን በወር መጨረሻ እንዴት እንደምንባላ እናውቀዋለን። እኛ ልንለያይ ትንሽ ነበር የቀረን።

ያለሁት ቤሩት፣ ቡርጅ ሃሙድ ነው። ሦስት ሆነን ሦስት ክፍል ቤት ተከራይተናል። ኩሽናና መታጠቢያ የጋራ ነው። አንዷ የጅማ ሴት ናቸው፣ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፣ እትዬ ነው የምላቸው። የሕንፃ ደረጃ እያጠቡ ነው የሚኖሩት። ሁለተኛዋ የወሎ ልጅ ናት፣ ማዳም ቤት አዳሪ ሆና ቅዳሜ ማታ መጥታ እሑድ ማታ ትመለሳለች። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ሳምንቱን በሰዓት አጸዳለሁ፣ ቅዳሜ ደግሞ እንጀራ ጋግሬ እሸጣለሁ። የማንንም ስም አልጠራም፣ ሁሉም እዚህ ስላሉ ነው።

ሌላ አገር ላላችሁ መጀመሪያ የዚህን አገር መብራት ላስረዳችሁ፣ ካልሆነ ጠባችን አይገባችሁም። እዚህ መብራት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የመንግሥት ነው፣ «ደውሌ» እንለዋለን። በቀን ጥቂት ሰዓት መጥቶ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ሌሊት ሁላችን ተኝተን ነው የሚመጣው። ሌላው የሰፈር ጄኔሬተር ነው፣ «ሞተር» ወይም «ኢሽቲራክ» ይሉታል። አንድ ሰውዬ ትልቅ ጄኔሬተር ተክሎ ለሰፈሩ ሰው በገመድ ይሸጣል። እኛ የያዝነው 5 አምፔር ነው፣ ማለት ከ1100 ዋት ብዙም አያልፍም። ከዚያ በላይ ከሰካችሁ ዲጆንክቴሩ ጠቅ ብሎ ይወርድና ቤቱ ጨለማ ይሆናል።

ዋጋቸውም አንድ አይደለም። ደውሌ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በወር የመጀመሪያውን 100 ኪሎዋት ሰዓት በ10 ሳንቲም፣ ከዚያ በላይ ያለውን በ27 ሳንቲም ያስከፍላል፣ የዶላር ሳንቲም ነው የምላችሁ። ሞተር ግን በእኛ ሰፈር ባለፈው ክረምት አንዱ ኪሎዋት 40 ሳንቲም ነበር፣ ብትጠቀሚም ባትጠቀሚም የሚከፈል 4 ዶላር ደግሞ አለው። ኪሎዋት ሰዓት ማለት ያው ቆጣሪው ላይ አንድ ቁጥር ወደፊት የሚሄደው ነው። 1000 ዋት የሚበላ ዕቃ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ አንድ ቁጥር ይሄዳል።

እኛ ሁለቱንም ፋቱራ ደምረን ለሦስት ነበር የምንካፈለው። በጋ ላይ ትንሽ ስለሆነ ማንም አይናገርም። የዚህ አገር ብርድ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው፣ ችግሩም ያኔ ነው የመጣው። በጥር ሁለቱ ተደምረው 129 ዶላር ሆኑ። ለእያንዳንዳችን 43 ዶላር።

እሑድ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ነው የተነሳው። እትዬ፣ «ይህ ሁሉ ምጣዱ ነው፣ ለነገድሽበት እኛ እንክፈል እንዴ?» አሉኝ። የወሎዋ ደግሞ ለሁለታችንም ነው የመጣችው። «እኔ በወር አራት ሌሊት ነው የማድረው፣ ለአራት ሌሊት 43 ዶላር? ማዳሜ 250 ነው የምትከፍለኝ» አለች። እኔም ዝም አላልኩም። የእትዬ ማሞቂያ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚቀላ አይቻለሁ፣ ተናገርኩት። እሳቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ክፍላቸው ደግሞ ግድግዳው ውኃ ያዘለ ነው። «በብርድ ልሙት በያ!» ብለው አለቀሱ። ጩኸቱ በዛ፣ ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ። የእኔና የእትዬ ወረቀት የተቃጠለ ነው፣ በጩኸት ምክንያት ፖሊስ ቢጠራ ምን እንደሚከተል ንገሩኝ እስኪ። የወሎዋ በወሩ መጨረሻ እለቃለሁ አለች። እሷ ከለቀቀች 240 ዶላር ኪራይ ለሁለት ሊሆን ነው።

ነገሩን ሳስበው ማናችንም ውሸታም አልነበርንም። እኔ ብዙ እንደምጠቀም አውቃለሁ፣ ግን ስንት? እሳቸውም አያውቁም። ሁሉም ሰው የሚያየው የሌላውን ዕቃ ነው። ምጣድ ደግሞ ትልቅ ነው፣ ይጨሳል፣ ይሸታል፣ ለዓይን ይታያል።

በሳምንት ሁለት ቀን የማጸዳላት አንዲት ሴትዮ አለች። ልጇ ቤቱን ከፋፍሎ ለተማሪዎች ያከራያል። ታብሎው አጠገብ አቧራ ሳራግፍ ትንንሽ ቆጣሪዎች ተደርድረው አየሁ፣ በየቆጣሪው ሥር የክፍል ቁጥር ተለጥፎበታል። ጠየቅኳት። «የመንግሥት አይደለም፣ ከሱቅ የሚገዛ ነው። ዋናውን ቆጣሪ ማንም አይነካውም፣ ይኼ ከእሱ በኋላ ቤት ውስጥ የሚገባ ነው» አለችኝ። ዶራ ካለ የመብራት ዕቃ ሱቅ ዋጋ ጠየቅኩ፣ አንዱ 12 ዶላር ነው።

የወሎዋ በመጀመሪያ፣ «ለምን ሁላችንም የየራሳችንን ኢሽቲራክ አንይዝም?» ብላ ነበር። የሞተሩን ገንዘብ የሚሰበስበውን ልጅ ጠየቅነው። ለእያንዳንዱ ቋሚ ክፍያ አለው፣ መስመር መጎተቻም ይከፈላል፣ ስምና ወረቀትም ይፈልጋል። ወረቀቱ ላይ ስንደርስ ተውነው።

ስለዚህ የቤቱን ባለቤት መጠየቅ ነበረብን። ሽማግሌ ነው፣ ምድር ቤት ነው የሚኖረው፣ ዐሞ እንለዋለን። ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ገንዘብ ሲጠራበት ጆሮው አይሰማም። ባዶ እጄን አልሄድኩም። የሦስት ወር ፋቱራ ይዤ ነው የሄድኩት። እንዲያው «ተጣልተናልና ቆጣሪ ግዛልን» ብለው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፣ «ካልተስማማችሁ ውጡ» ነው የሚለኝ። ስለዚህ ከእሱ ጥቅም ጀመርኩ። «ዐሞ፣ ኢሽቲራኩም ደውሌውም በአንተ ስም ነው። አንዷ አልከፍልም ብትል የሚቆረጠው የሁላችን ነው፣ ዕዳው ግን የሚመጣው አንተ ጋ ነው። ባለፈው ወር ሰብሳቢው ሁለቴ በርህን አንኳኳ አይደል? የወሎዋ ልትለቅ ነው፣ በዚህ ብርድ ለዚያ ክፍል ሰው ታገኛለህ?» አልኩት።

ዝም ብሎ ቡናውን ጠጣ። ከዚያ መጀመሪያ ያነሳው፣ «የመንግሥት ቆጣሪ ማኅተም አለው፣ ብትነኩት እኔ ነኝ የምቀጣው» የሚል ነው። እውነቱን ነው፣ ማኅተሙ መነካት የለበትም። እኛ የምንፈልገው ግን ቤት ውስጥ ታብሎው አጠገብ እንደሆነ፣ ታች ያለውን ማንም እንደማይነካው አስረዳሁት። ቀጥሎ ገንዘቡን አነሳ። እኔ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ቆጣሪዎቹን እኛ እንገዛለን፣ ስንለቅም ነቅለን አንሄድም፣ የቤቱ ሆነው ይቀራሉ። የከህረበጂውን የእጅ ዋጋ እሱ ይክፈል። ከህረበጂውንም እሱ ይምረጥ፣ የእሱ ሰው ቢሆን ነው የሚሻለን፣ በኋላ ሽቦ አበላሻችሁ እንዳይለን።

«አስብበታለሁ» አለኝ። አንድ ሳምንት አሰበ። በሚቀጥለው እሑድ የወሎዋ ሻንጣዋን ኮሪደር ላይ አውጥታ ስትጠርግ ደረጃ ላይ ሲያልፍ አያት መሰለኝ፣ ሰኞ ማታ ከህረበጂው መጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስረዝሜ ልንገራችሁ፣ እኛ ባናስበው ኖሮ ቆጣሪው ራሱ አዲስ ጠብ ያመጣ ነበር። ደውሌና ሞተር ቤት ሲገቡ አንድ መቀያየሪያ ላይ ይገናኛሉ፣ ደውሌ ሲጠፋ ወደ ሞተር ይዞራል። የክፍላችን ቆጣሪ የሚገባው ከመቀያየሪያው በኋላ ነው። ስለዚህ የ10 ሳንቲሙንም የ27ቱንም የ40ውንም አንድ ላይ ነው የሚቆጥረው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ለክፍል መብራትና ለስልክ ቻርጅ ይህ ችግር የለውም። ለእኔ ምጣድ ግን ችግር ነው። ምጣዴ ትንሿ ናት፣ ከአገር ቤት በሰው ያስመጣኋት፣ ጀርባዋ ላይ 2000 ዋት ይላል። 5 አምፔር ሞተር አይሸከማትም፣ ስለዚህ የምጋግረው ደውሌ ሲመጣ ብቻ ነው። ቅዳሜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተነስቼ የጋገርኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ቢቆጠር በርካሹ መብራት ለጋገርኩት በውዱ ዋጋ ልከፍል ነው።

ለከህረበጂው ይህን ስነግረው ሳቀና፣ «አንቺ መሐንዲስ ነሽ እንዴ?» አለኝ። አስረኛ ክፍል ነው ያቆምኩት አልኩት። መላው ቀላል ነበር። ኩሽና ውስጥ ለምጣዷ ብቻ አንድ ሶኬት ከደውሌ በቀጥታ፣ ከመቀያየሪያው በፊት አወጣልኝ፣ ለብቻዋም ቆጣሪ ገባላት። ሞተር ሲሆን ያ ሶኬት ሙት ነው፣ ብሰካም አይሠራም፣ ስለዚህ በእኔ ምክንያት ሞተር ወረደ የሚል ሰው የለም። ስለዚህ ሦስት ሳይሆን አራት ቆጣሪ ገዛን፣ 48 ዶላር፣ ለየሰው 16። ኩሽናው፣ ፍሪጁ፣ ቀዛኑና ኮሪደሩ የጋራ ስለሆኑ ቆጣሪ አላስገባንላቸውም። ከዋናው ላይ የየራሳችን ሲቀነስ የሚተርፈው የእነሱ ነው።

ከህረበጂው ከመሄዱ በፊት ሙከራ እንዲያደርግ ለምኜው ነበር። የሦስታችንንም ክፍል፣ ምጣዱንም ኩሽናውንም ኮሪደሩንም አጥፋ፣ ዋናው ቆጣሪ ይቆም እንደሆነ እንይ አልኩት። ቆጣሪ ላይ ብልጭ ብልጭ የምትል ትንሽ መብራት አለች። የእኛዎቹ ላይ 1000 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ሌላ ዓይነት ቆጣሪ ላይ ቁጥሩ ሊለይ ይችላል፣ ፊቱ ላይ ይጻፋል። ሁሉ ነገር ጠፍቶ ከሆነ ብልጭታው መቆም አለበት። ሁሉንም አጠፋ። ስልኬን አብርቼ የሞተሩን ቆጣሪ አየሁት፣ ቆሟል። ደስ አለን። ልክ አጃችንን ታጥበን ልንጨርስ ስንል ቶሎ ቶሎ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ። ቤቱ ጨለማ ነው፣ እኛ ሻማ ይዘን ቆመናል፣ ቆጣሪው ይሮጣል።

ከህረበጂው ገመዱን ተከትሎ ጣሪያ ድረስ ወጣ። ሲመለስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ውኃ ወደ ጣሪያ ታንከር የሚገፋው ፓምፕ ከእኛ መስመር ነው የተሰካው። ታንከሩ የእኛ ብቻ አይደለም፣ የሽማግሌውና የላይኛው ፎቅም ውኃ ነው። ፓምፑ አንድ የፈረስ ጉልበት ነው፣ 750 ዋት አካባቢ ማለት ነው፣ ታንከሩ ሲጎድል በራሱ ይነሳል። ያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት ዲጆንክቴሩ ለምን እንደሚወርድ ገባኝ። እኛ ቡና ስናፈላ ሰዎቹ ይታጠባሉ፣ ታንከሩ ይጎድላል፣ ፓምፑ ይነሳል፣ የእትዬ ማሞቂያ ተጨምሮበት ከ5 አምፔር ያልፋል። እትዬ ግን «ምጣዱን ነቅለሽ ይሆን?» ሲሉኝ ነበር፣ ማክሰኞ ጠዋት ምን ምጣድ አለ!

የወሎዋ በስልክ ስነግራት፣ «ሌባ ነው፣ ሄጄ እነግረዋለሁ» አለች። ተዪ አልኳት። ገመዱን ማን እንደሰካው አናውቅም፣ ምናልባት ከእኛ በፊት የነበረ ተከራይ ጊዜ ነው። ደግሞ ሌባ ብለሽው ቤቱ ውስጥ ትኖሪያለሽ? እኔ ከህረበጂውን ይዤ ነው የወረድኩት፣ የእሱ ሰው ስለሆነ እኔን ባያምን እሱን ያምናል። «ዐሞ፣ ቆጣሪዎቹ ገብተዋል፣ እግዜር ይስጥልን። አንድ ገመድ ብቻ ቦታው ተሳስቷል፣ የፓምፑ። ከእኛ ጋር ሆኖ ዲጆንክቴሩን እየጣለው ነው፣ ውኃውም ያኔ ይቋረጥብሃል» አልኩት። ስለ ገንዘቡ በዚያ ሰዓት አላነሳሁም። ፊቱ ቀላ። ከህረበጂውን በአረብኛ ቶሎ ቶሎ ብዙ ነገር ጠየቀው፣ ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት። በሦስተኛው ቀን ፓምፑ ወደ እሱ መስመር ዞረ።

ያለፈውን ደግሞ በኪራይ ቀን አነሳሁት። ፓምፑ በቀን አንድ ሰዓት ቢሠራ በወር 22 ኪሎዋት ገደማ ነው፣ በሞተር ዋጋ 9 ዶላር አካባቢ ይሆናል። እኛ እዚያ ቤት ሁለት ክረምት ቆይተናል። ሁሉንም መልስ አላልኩትም፣ አይመልስማ። «የዚህን ክረምት ሦስት ወር ብቻ እንተሳሰብ» አልኩት። 20 ዶላር ከኪራይ ቀነሰልን። እትዬ በጣም ትንሽ ነው አሉ፣ የወሎዋም እንደዚያው። እኔ ግን ከእሱ እጅ 20 ዶላር ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ወር ሒሳብ ልንገራችሁ፣ ቆጣሪ ልታስገቡ ካሰባችሁ የሚጠቅማችሁ ይኼ ነው። ቆጣሪው ሲገባ መነሻ ቁጥሩን ፎቶ አነሳን፣ ከሱቅ ሲመጣ ሁልጊዜ ዜሮ ላይ አይደለም። ንባቡ የሚደረገው የሞተሩ ልጅ መጥቶ በሚያነብበት ቀን ነው። በዚያው ቀን ወርጄ የደውሌውንም ቆጣሪ አነባለሁ፣ ምክንያቱም የደውሌ ፋቱራ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ እሱን ከጠበቃችሁ የማን ወር እንደሆነ ይጠፋችኋል። ከነጥብ በኋላ ያለውን ቁጥር ተዉት።

የየካቲት ወር ሞተር 190፣ ደውሌ 160፣ በጠቅላላው 350 ሆነ። በገንዘብ ሞተር 80 ዶላር፣ ደውሌ ከነቋሚ ክፍያው 34፣ ድምር 114። ምጣዷ 30 ቆጥራለች። በ27 ሳንቲም አስበን 8 ዶላር ለብቻዬ ከፈልኩ። 10 ሳንቲሙ የቤቱ ነው፣ ከ100 በላይ የወሰደን ምጣዱ ነው ብለው ተከራከሩኝ፣ እኔም ተቀበልኩ፣ ፍርዱ ልክ ነው። የቀረው 106 ዶላር ለ320 ኪሎዋት ነው፣ አንዱ 33 ሳንቲም መጣ። ከዚያ የእትዬ ክፍል 168፣ የእኔ 46፣ የወሎዋ 8 ብቻ። የቀረው 98 የፍሪጅና የቀዛን ነው። እሱን የወሎዋ ግማሽ ሰው ሆና ለሁለት ተኩል ተካፈልነው።

በመጨረሻ የወሎዋ 9 ዶላር፣ እኔ ምጣዴን ጨምሬ 36፣ እትዬ 69። በድሮው አካፈላችን ለየሰው 38 ነበር የሚደርሰው። አስቡት እንግዲህ፣ ይህ ሁሉ ሩጫ ለእኔ ያተረፈልኝ 2 ዶላር ነው! ግን ከዚያ ቀን በኋላ ምጣድሽ በላን የሚለኝ የለም። 8 ዶላር ነው፣ ግድግዳ ላይ ተጽፏል።

የከበደኝ የእትዬ ነው። ወረቀቱን ደጋግመው አዩት። «ይቺ ትንሽ ነገር?» አሉ ወደ ማሞቂያዋ እያዩ። ሁለት ዘንግ አላት፣ ሁለቱ 800 ዋት ነው፣ ከምጣዴ ግማሽ እንኳ አትሞላም። ልዩነቱ ሰዓቱ ነው። እኔ ምጣዷን በሳምንት አራት ሰዓት ቢበዛ ነው የማበራት፣ ያውም እየጠፋች እየበራች። እሳቸው በየቀኑ ስድስት ሰባት ሰዓት፣ አብዛኛውን በሞተር። 800 ዋት በቀን 6 ሰዓት፣ በወር 144 ኪሎዋት ይሆናል። ቁጭ ብለን አብረን ስናሰላው ዝም አሉ። ቆጣሪ ያመጣሁት እሳቸውን ለማጋለጥ መስሏቸው እንደሆነ እንጃ፣ ሁለት ቀን አላናገሩኝም።

በሦስተኛው ቀን ራሳቸው መጡ። ከሰል ክፍሌ ባስገባስ አሉኝ። ኧረ እትዬ፣ በፍጹም አልኳቸው፣ በዝግ ክፍል ከሰል ሽታ ሳይኖረው ነው በእንቅልፍ የሚገድለው። የሠራንላቸው እንዲህ ነው፦ አንድ ዘንግ ብቻ ያበራሉ፣ ሊተኙ ሲሉ ያጠፋሉ፣ ሙቅ ውኃ በላስቲክ ቋጥረው ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። ውኃውን በጋዝ ነው የምናሞቀው። የወሎዋም ማዳሟ ልትጥል የነበረ ወፍራም ብርድ ልብስ አመጣችላቸው። ለዚያ ወር ደግሞ ከ69ኙ ላይ 10 ዶላር እኔና የወሎዋ ተጋራን፣ ማንም አላስገደደንም። በመጋቢት የክፍላቸው ንባብ 71 ነው የመጣው።

የወሎዋ አልለቀቀችም። አሁን ቅዳሜ ማታ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ መጀመሪያ የእሷን ቆጣሪ ነው የምታየው፣ ሳምንቱን ሙሉ ክፍሏ ተዘግቶ አንድ ቁጥር ከሄደ እኔን ነው የምትጠይቀው። ባለፈው ጊዜ 1 ሄዶ ነበር፣ ቻርጀሯንና አሮጌውን ቴሌቪዥን ሰክታ ሄዳ ነው፣ ቀዩ መብራቱ ሳምንቱን ሙሉ በርቶ ነበር።

ሽማግሌው ሰሞኑን ደረጃ ላይ አስቁሞ ቆጣሪውን የት እንደገዛን ጠየቀኝ። ላይኛው ፎቅ ያሉት የሲሪላንካ ልጆችም በፋቱራ እየተጣሉ ነው መሰለኝ። ሱቁንም ዋጋውንም ነገርኩት፣ 12 ዶላር። እሱ ለእነሱ ስንት ብሎ እንደሚነግራቸው ግን እንጃ፣ ማታ ወጥቼ ራሴ እነግራቸዋለሁ።